«ጋናን ያደኸያት አይ.ኤም.ኤፍ. ነው»፦ እውነት ወይስ ተረት?

በድኅረ ምረቃ ክፍላችን አንድ ባልደረባዬ በመዋቅራዊ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ላይ የጻፈውን ሂስ ሰሞኑን አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ ዕዳ ያጎበጣቸውን የአፍሪካ አገሮች «ብድር እንሰጣችኋለን፤ እናንተ ግን የገንዘባችሁን የምንዛሪ ዋጋ ዝቅ አድርጉ፣ የዋጋ ቁጥጥር አንሱ፣ ድጎማ ቀንሱ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አሰናብቱ፣ ታካሚውንና ተማሪውን አስከፍሉ» አሏቸው። አገሮቹ ታዘዙ፤ ዋጋውን ግን ድሃው ከፈለ። ባልደረባዬ ለዚህ ምስክር አድርጎ የጠራት ጋናን ነው።

ጽሑፉ ለድሃው በመቆርቆር የተጻፈ ስለሆነ አክብሬ አንብቤዋለሁ። ችግሩ ግን እውነቱና ተረቱ አንድ ላይ ተፈትለው መቅረባቸው ነው። በጋና ላይ የደረሰ እውነተኛ በደል አለ፤ ያልደረሰ በደልም ተጨምሮበታል። ሁለቱ ካልተለዩ ደግሞ ተከራካሪው ያልደረሰውን ይዞ የደረሰውን ጭምር ውድቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የባልደረባዬን ነጥቦች እየነጠልኩ ላያቸው ፈለግሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ፕሮግራሙ ሲመጣ ጋና በራሷ እግር የቆመች አገር ነበረች»

ይህ ተረት ነው። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1983 ነው፤ ያን ዓመት በሕይወት የነበረ ጋናዊ ሁሉ ዓመቱን የሚያስታውሰው በረሃብ ነው። ዝናብ ጠፋ፣ የሰደድ እሳት ጫካውንና የኮኮዋ እርሻውን በላው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ናይጄሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ውጡ ስትል ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጋናውያን ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደ ባዶ ጎተራ ተመለሱ። ሰው ከመክሳቱ የተነሣ የወጣውን የአንገት አጥንት በወቅቱ መሪ ስም «የሮሊንግስ ሐብል» ይሉት ነበር።

ድርቁ ግን የመጨረሻው ምት እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። ጋና በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ550 ሺህ ቶን በላይ ኮኮዋ የምታመርት የዓለም ቀዳሚ አገር ነበረች። በ1983/84 የምርት ዘመን ያመረተችው 160 ሺህ ቶን ገደማ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ቀዳሚነቱን ጎረቤቷ ኮትዲቯር ወስዳው ነበር። የመንግሥት ገቢ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 5 ወይም 6 በመቶ ብቻ ወደሚሆንበት ደረጃ ወርዷል። በዚህ ገቢ ደመወዝ ተከፍሎ መድኃኒትና ጨርቅ፣ ጠመኔና ነዳጅ መግዛት አይቻልም። የሆስፒታሎቹ ክፍያ እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ ውስጣቸው ግን መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪሞቹና አስተማሪዎቹም በብዛት ተሰደዋል። ከአይ.ኤም.ኤፍ. ጋር የተደረገው ስምምነት የተፈረመው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ በነሐሴ 1983 ነው።

«የሴዲ ዋጋ መውረዱ የድሃውን ኪስ አራቆተ»

ባልደረባዬ በብዛት የጻፈው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ነው ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው። በ1983 መጀመሪያ አንድ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ2.75 ሴዲ ነበር። በ1986 መጀመሪያ 90 ሴዲ ሆነ። ከሠላሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው የሕዝቡ ኑሮ ሠላሳ እጥፍ ተወደደ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን የ2.75ቱ ሴዲ የማን ዋጋ ነበር? እስቲ ከአሻንቲ ወረዳዎች ባንዱ የሚኖር አንድ የኮኮዋ ገበሬን እናስብ። ኮኮዋውን የሚሸጠው ለመንግሥት የኮኮዋ ቦርድ ብቻ ነው፤ ሌላ ገዢ በሕግ አልተፈቀደም። በ1982 ቦርዱ ለአንድ ቶን የሚከፍለው 12,000 ሴዲ ነበር። ይህን በባንኩ ዋጋ ለ2.75 ብናካፍለው ከ4,300 ዶላር በላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የአንድ ቶን ኮኮዋ የዓለም ገበያ ዋጋ ግን 2,000 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ሲታይ ገበሬው ከዓለም ዋጋ ከእጥፍ በላይ እየተከፈለው ነው፤ ቦርዱም በእያንዳንዱ ቶን ኪሳራ ውስጥ ነው። ኪሳራውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ገንዘብ ስለሌለው የሚሸፍነው ሴዲ አሳትሞ ነው።

አሁን ያንኑ 12,000 ሴዲ በገበያው ዓይን እንየው። ገበሬው ባንክ ቢሄድ በ2.75 ሴዲ ዶላር የሚሸጥለት ሰው የለም። በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር 60 ሴዲ ገደማ ነበር፤ ሳሙናውም ገጀራውም ከዚያ ተነሥቶ ነበር ዋጋ የሚወጣለት። በዚህ ሲሰላ ለአንድ ቶን ኮኮዋ በእጁ የገባው 200 ዶላር ብቻ ነው። ዓለም ለኮኮዋው ከሰጠው ዋጋ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ማለት ነው። ቦርዱ ከሰረ፣ ገበሬው ተዘረፈ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነበሩ። ያደረጋቸውም የምንዛሪው ቁጥር ነው።

ገበሬው ምን አደረገ? ሌሊት ጆንያውን ተሸክሞ ድንበር ተሻገረ። በኮትዲቯርና በቶጎ የሚከፈለው ሴፋ ፍራንክ በየትም የሚመነዘር ገንዘብ ነው፤ በዚያ ገንዘብ በጋና ሱቆች የጠፋውን ዕቃ ይዞ መመለስ ይቻላል። መንግሥት በመስከረም 1982 ድንበሩን ዘጋ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አዝምቶ በየገጠሩ የተከማቸውን ኮኮዋ ወደ ወደብ አስጭኗል። ተማሪው በታላቅ ፍቅር ነበር የዘመተው። የ200 ዶላሩን ዋጋ ግን ዘመቻው አልቀየረውም፤ ገበሬውም ያረጀውን የኮኮዋ ዛፍ መተካት ትቶ በቦታው ካሳቫና በቆሎ መትከሉን ቀጠለ።

ታዲያ በ2.75 ሴዲ ዶላር ያገኝ የነበረው ማን ነው? የአስመጪነት ፈቃድ ያለው ሰው። ፈቃዱን የሚሰጠው ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱን የያዘው ሰው ዶላሩን በ2.75 ወስዶ፣ ያመጣውን ወተት፣ ሰርዲንና ሳሙና በጥቁር ገበያ ዋጋ ይሸጠዋል። አንዳንዱን ዕቃውን ማምጣትም አላስፈለገውም፤ ከባለሥልጣን የተቆረጠችውን ቁራጭ ወረቀት ራሷን እየሸጠ ከበረ። ጋናውያን ይህን ንግድ ካላቡሌ ይሉት ነበር። በመንግሥት ተመን ሳሙና አገኛለሁ ብሎ የተሰለፈው ድሃ ብዙውን ጊዜ «አልቋል» ተብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ያንኑ ሳሙና ከመንገድ ዳር በብዙ እጥፍ ይገዛዋል።

ስለዚህ ሴዲው ሲወርድ የሱቅ ዋጋ እንደ ምንዛሪው ሠላሳ እጥፍ አልዘለለም። ከ1982 እስከ 1986 አጠቃላይ የችርቻሮ ዋጋ ያደገው አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የ1983ቱ ከ120 በመቶ ያለፈ የዋጋ ንረት ነው፤ ያኔ ድርቁም አለበት። በ1985 የዋጋ ንረቱ ወደ 10 በመቶ ወርዶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰዉ ከመጀመሪያውም ሲገዛ የነበረው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነው። ከምንዛሪ ለውጡ የተጎዳው በመጀመሪያ ደረጃ ባለ ፈቃዱ ነው፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል የነበረችው ትርፍ ጠፋችበት።

ገበሬውስ? ቦርዱ የሚከፍለው ዋጋ በ1983 ወደ 20,000 ሴዲ፣ በ1986 ደግሞ ወደ 85,500 ሴዲ ከፍ አለ። ከ12,000ው ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጥፍ ነው። የሸቀጥ ዋጋ አራት እጥፍ ሲያድግ የኮኮዋው ዋጋ ሰባት እጥፍ ካደገ፣ ገበሬው በአንድ ቶን የሚሸምተው ዕቃ ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ኮንትሮባንዱ ቀነሰ፣ ዛፍ መተካት ተጀመረ፣ በዐሥር ዓመቱ መጨረሻ ምርቱ ወደ 300 ሺህ ቶን ተመለሰ።

ይህን ስል ግን ሁሉም ተጠቀመ ማለቴ አይደለም። ኮኮዋ የሚበቅለው በደቡቡ የደን ቀበቶ ነው። በሰሜኑ ሳቫና ማሽላ የሚያመርተው ገበሬ፣ የሺአ ፍሬ የምትለቅም እናት፣ ከኮኮዋ ዋጋ ያገኙት የለም፤ አስቀድሞም ከአገሪቱ ድሆች ሁሉ ድሆቹ እነሱ ነበሩ። ኮኮዋ ከሚያመርቱትም ብዙ ሄክታር ያለው ብዙ አገኘ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት። በባንኩ ዋጋ በሚገባ ነዳጅ በአውቶብስ የሚሄድ የከተማ ሠራተኛ ደግሞ የታሪፍ ጭማሪው በእርግጥ ከኪሱ ወጥቷል። ባልደረባዬ «ድሃው» የሚላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ኑሮ አልነበራቸውም፤ ፕሮግራሙም ያገኛቸው በተለያየ ቦታ ነው።

«መንግሥት ከጤናና ከትምህርት እጁን ሰበሰበ»

እዚህ ላይ ባልደረባዬ ስለ ጉዳቱ ልክ ነው፤ ስለ መንገዱ ግን ተሳስቷል፤ ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም።

እጁን የሰበሰበው መንግሥት ከ1983 በፊት የነበረው ነው፤ ገንዘብ ስላልነበረው። ከፕሮግራሙ በኋላ ኮኮዋ ወደ ቦርዱ ሲመለስና ቀረጥ በእውነተኛው ምንዛሪ ሲሰላ የመንግሥት ገቢ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ። ለጤናና ለትምህርት የሚወጣው ገንዘብም፣ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ፣ ከ1983ቱ ወለል ጨመረ። በጀቱ ተቆረጠ የሚለው ክስ በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም፤ የፕሮግራሙ ደጋፊዎችም ወዲያው የሚጠቅሱት ይህን ነው።

በደሉ ያለው በክፍያው ላይ ነው። በ1985 መንግሥት የሕክምና ክፍያን በብዙ እጥፍ ከፍ የሚያደርግ ደንብ አወጣ። ዓላማው ከጤና ሚኒስቴር መደበኛ ወጪ 15 በመቶውን ከታካሚው መሰብሰብ ነበር። ኋላ ላይ ደግሞ በ1990ዎቹ «ካሽ ኤንድ ካሪ» የተባለው አሠራር መጣ፤ ታካሚው መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል። ገንዘብ ያልያዘ ሰው ይመለሳል።

ውጤቱ የተመዘገበ ነው። በአሻንቲ አኪም ወረዳ የጤና ተቋማት መዝገብ ላይ የተደረገ ጥናት የ1985ቱ ክፍያ እንደወጣ የተመላላሽ ታካሚው ቁጥር እንዴት እንደወደቀ አሳይቷል። በከተማው የነበሩት ተቋማት ከጊዜ በኋላ ታካሚያቸው ተመለሰላቸው። የገጠሮቹ ግን አልተመለሰላቸውም። የከተማው ሰው ደመወዝ በየወሩ ያገኛል፤ ገበሬው ግን ገንዘብ የሚያየው ኮኮዋው ሲሸጥ ነው፤ ወባ ደግሞ የምትመጣው በዝናብ ወራት፣ ኪሱ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። ችግረኛ ከክፍያ ነጻ ይሁን የሚል አንቀጽ በደንቡ ላይ ነበር። ማን ችግረኛ እንደሆነ የሚወስነው ግን በሚሰበስበው ክፍያ ቤቱን የሚያስተዳድረው ራሱ ጤና ተቋሙ ነው። ስለዚህ ነጻ የሚባል ሰው እምብዛም አልተገኘም።

እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። የምንዛሪ ለውጡን ለማድረግ የሕክምና ክፍያው አላስፈለገም። 15 በመቶው ጠቅላላ በጀቱን አያድንም፤ አንድን የገጠር ሕፃን ግን ከሐኪም ይለያል። ሁለቱ በአንድ ሰነድ ውስጥ አብረው ስለተጻፉ ብቻ አብረው መሄድ ነበረባቸው ተብሎ ታለፈ። ዩኒሴፍ በ1987 ሰብአዊ ገጽታ ያለው ማስተካከያ ያስፈልጋል ብሎ ጥናቱን ሲያወጣ ካያቸው አገሮች አንዷ ጋና ነበረች። ጋናና ለጋሾቿ የተጎዱትን ለመደገፍ ፓምስካድ የተባለ ፕሮግራም አዘጋጁ፤ 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ታሰበለት። የጀመረው በ1988 ነው። ክፍያው ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎት፣ ያውም ገንዘቡ በዝግታ ነው የተለቀቀው። ጋና ካሽ ኤንድ ካሪን በብሔራዊ የጤና መድን የሚተካ ሕግ ያወጣችው በ2003 ነው።

ከሥራ የተሰናበቱትም አሉ። የኮኮዋ ቦርዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ100 ሺህ በላይ ሠራተኛ በመዝገቡ ነበረው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከግማሽ በታች ሆነ። ከዚህ ውስጥ ብዙው ደመወዝ ብቻ የሚወጣለት የሌለ ሰው ስም ነበር። እሱን ማጥፋት ለገበሬው ተጨማሪ ዋጋ ማለት ነው፤ የቦርዱ ወጪ የሚነሣው ከገበሬው ድርሻ ነውና። የቀሩት ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ የእውነት ሠራተኞች ነበሩ።

«ሁሉም ነገር ከዋሽንግተን ታዝዞ መጣ»

በከፊል። ፕሮግራሙን የመራው የገንዘብ ሚኒስትሩ ክዌሲ ቦችዌይ በጋና ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የነበረ፣ በማርክሳዊ አስተሳሰቡ የሚታወቅ ሰው ነው። የሮሊንግስ መንግሥት በ1981 መጨረሻ ሥልጣን ሲይዝ እርዳታ የፈለገው መጀመሪያ ከሶሻሊስቱ ጎራ ነበር፤ የሚበቃው ግን አላገኘም። በሚያዝያ 1983 በጀት ላይ ቦችዌይ ሴዲው ወረደ አላለም፤ ላኪ ጉርሻ ያገኛል፣ አስመጪ ተጨማሪ ይከፍላል አለ። ሲሰላ አንድ ዶላር ከ23 እስከ 30 ሴዲ መሆኑ ነው። ስሙን ሳይጠሩ ሥራውን ሠሩት፤ እንዲህ ያለ ስልት የአገሩን ፖለቲካ ከሚያውቅ ሰው እንጂ ከውጭ አይመጣም።

እምቢ ያሉትም ነገር ነበር። የዓለም ባንክ የኮኮዋ ግዢና ሽያጭ ሙሉ በሙሉ ለነጋዴ እንዲለቀቅ ሲገፋፋ ጋና የውጭ ሽያጩንና የጥራት ቁጥጥሩን ከቦርዱ እጅ አላወጣችም፤ የአገር ውስጥ ግዢውን ብቻ፣ ያውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ለግል ገዢዎች ከፈተች። ናይጄሪያ በ1986 የኮኮዋ ቦርዷን አፈረሰች፤ ፍሬው በቅጡ ሳይብላላና ሳይደርቅ ይሸጥ ጀመር፣ የናይጄሪያ ኮኮዋ ስምም ወደቀ። የጋና ኮኮዋ ግን እስካሁን ከሌላው በላይ ጭማሪ ዋጋ ያገኛል። ባልደረባዬ ገበያው ሁሉ ይከፈት የሚለውን ሐሳብ ለመተቸት ከፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም፤ ጽሑፉ ግን አልነካውም።

ያላነሣው ሌላ ከባድ ነገርም አለ። ይህ ሁሉ የተወሰነው ምርጫ በሌለበት፣ ወታደራዊ መንግሥት በነገሠበት ዘመን ነው። ማኅበራትና ተማሪዎች ሲቃወሙ ድምፃቸው የሚደርስበት ምክር ቤት አልነበረም። ምርጫ በ1992 ከተመለሰ በኋላ መንግሥት በ1995 የ17.5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጥል ሕዝቡ በአክራ አደባባይ ወጣ፣ ሰዎች ሞቱ፣ ታክሱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተነሣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተመለሰው በ10 በመቶ ነው። ሕዝቡ በ1985 መናገር ቢችል ኖሮ የሕክምና ክፍያው በዚያ መልኩ ያልፍ ነበር ብዬ አላምንም።

«ጋና የስኬት ምሳሌ ናት»

ይህኛው ደግሞ የባልደረባዬ ሳይሆን የተከራካሪዎቹ ተረት ነው፤ የዓለም ባንክ ጋናን ለብዙ ዓመታት እንደ ጎበዝ ተማሪው ሲያሳያት ኖሯል። ኢኮኖሚው ከ1984 ጀምሮ በዓመት 5 በመቶ ገደማ ማደጉ እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ዓመት ከ8 በመቶ ያለፈ ዕድገት ከሁሉ በላይ ያመጣው የተመለሰው ዝናብ ነው፤ ከድርቅ ዓመት ተነሥቶ የሚለካ ዕድገት ሁልጊዜ ያማረ ነው። ብድርና እርዳታውም ለጋና የፈሰሰውን ያህል ለብዙዎቹ ሌሎች አገሮች አልፈሰሰም። አብዛኛው ብድር ስለነበረም የውጭ ዕዳዋ ከ1983 እስከ 1990 ከእጥፍ በላይ አደገ፤ በ2001 ጋና ራሷ በከባድ ዕዳ ውስጥ ያሉ ድሃ አገሮች ለሚያገኙት የዕዳ ስረዛ አመለከተች።

ከሁሉ በላይ ግን የኮኮዋው ሒሳብ ይናገራል። በ1984 ጋና 160 ሺህ ቶን ገደማ ስታመርት የዓለም ዋጋ በቶን 2,400 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሲባዛ 384 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በ1990 ምርቱ ወደ 300 ሺህ ቶን ሲያድግ ዋጋው 1,300 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ሲባዛ 390 ሚሊዮን ዶላር። ምርቱ በእጥፍ ገደማ አደገ፣ ገቢው በቦታው ቆመ። የሆነው እንዲህ ነው፤ ኮትዲቯርም፣ ማሌዥያም፣ ኢንዶኔዥያም በዚያው ዘመን ኮኮዋ እያስፋፉ ነበር፤ ለየአገሩ በተናጠል የተሰጠው ምክርም ያው ነው፤ «የምትችሉትን ሸቀጥ አብዝታችሁ ላኩ።» ለአንድ አገር ትክክል የሆነ ምክር ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲተገብሩት ዋጋውን ያፈርሰዋል። ይህንን የመተንበይ ኃላፊነት የነበረባቸው ሁሉንም አገሮች ከላይ ሆነው የሚያዩት ሁለቱ ድርጅቶች ናቸው፤ የአሻንቲው ገበሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ምን እንደሚተከል ሊያውቅ አይችልም።

ስለ ብርስ?

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲያነብ ወደ ራሱ ኪስ መመልከቱ አይቀርም። ብር ለሃያ ዓመት ገደማ በ2.07 ተቸንክሮ ቆይቶ በጥቅምት 1992 ወደ 5 ብር ሲወርድ የጋናው ዓይነት ነገር በከፊል ታይቷል፤ በሐምሌ 2024 ደግሞ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 በላይ ወጣ። የጋናን ውጤት ግን እንዳለ አንሥቶ እዚህ ማምጣት አይቻልም። በጋና ጥቁር ገበያው የባንኩን ዋጋ ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጠው ነበር፤ በኢትዮጵያ የ2024ቱ ልዩነት እጥፍ ገደማ ነው። ልዩነቱ ባነሰ መጠን ከባለ ፈቃዱ የሚወሰደው ትርፍ ያንሳል። ማዳበሪያ፣ ነዳጅና መድኃኒት ደግሞ በባንኩ ዋጋ ይገቡ ስለነበር የእነሱ ጭማሪ በቀጥታ ወደ ሸማቹ ይደርሳል። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ዕቃ ከለውጡ በፊት በየትኛው ዋጋ ይሸጥ እንደነበር ነው። ዘይቱ አስቀድሞ በጥቁር ገበያው ዋጋ ከነበረ ጭማሪውን ምንዛሪው አላመጣውም፤ የደም ግፊት መድኃኒቱ በባንኩ ዋጋ ይገባ ከነበረ ግን አምጥቶታል።

ወንድሜ ሆይ፣ ጽሑፍህን አሻሽለህ ስታቀርብ የሴዲውን ምዕራፍ አውጣው፤ በእሱ ላይ ተከራካሪህ ይረታሃል። በምትኩ የ1985ቱን የሕክምና ክፍያ ከፊት አምጣው፤ ማን ደንቡን እንደጻፈው፣ ማን እንደፈረመው፣ የገጠሩ ጤና ጣቢያ ለምን ታካሚው እንዳልተመለሰለት ጻፍ። ከዚያ የኮኮዋውን ሒሳብ አስከትልና ከ384 ሚሊዮን ወደ 390 ሚሊዮን ለመድረስ ስድስት ዓመትና ወደ እጥፍ የተጠጋ ምርት ለምን እንዳስፈለገ ሁለቱን ድርጅቶች ጠይቃቸው። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እስካሁን በቂ መልስ አልሰጡም።